በፎቶ የተመረጠው ግራጫ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ሲሆን እንዲህ ተስተካከለ

አራት ኪሎ ያለው የእህቴ ሳሎን መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው፣ ሶፋዋ ደሞ ቀላ ያለ ቡኒ። የሳሎኑ ፎቶ ላይ ቀለሞች ሞክራ የመረጠችው ፈካ ያለ ግራጫ ናሙናው ግድግዳው ላይ ሲቀባ ግን ሰማያዊ መሰለ። ምክንያቱ ፎቶው ማታ በቢጫ አምፖል ነው የተነሳው፣ ስልክ ደሞ በራሱ ሊያስተካክል ሲል ቀለሙን ይቀይረዋል። በሰሜን መስኮት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የፀሐይ ሳይሆን የሰማይ ብርሃን ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ቀላ ያለ ሶፋ አጠገብ ሲሆን ደሞ ግራጫው የባሰ ሰማያዊ ይመስላል።

ነጭ ኤ4 ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈን፣ መብራት አጥፍተን፣ እኩለ ቀን ላይ ሶፋውን ጨምረን እንደገና አነሳን። ከዛ ኤዲት ውስጥ ገብተን ወረቀቱ ነጭ እስኪመስል ድረስ የቀለም ሙቀቱን አስተካከልን፣ የሶፋው ቀለም በእውን ካለው ጋር ሲገጥም ፎቶው እንደሚታመን ያወቅነው በዚህ ነው። የስክሪኑን ናይት ሞድ ማጥፋት እንዳትረሱ፣ እሱ ሁሉንም ቢጫ ያደርገዋል።

በዚህ ፎቶ ላይ ቀለሞቹን ሞክረን ግራጫውን ትተን ሁለት ክሬም ለየን። ግን ፎቶ የሚጠቅመው ለማጣራት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ትልልቅ ካርቶን ላይ ደርበን ቀብተን፣ በደንብ ሲደርቅ (እርጥብ ቀለም ያታልላል) ሶፋው ጀርባ አቁመን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አየናቸው። ደመቅ ያለው ቀን ላይ ቆንጆ ነበር፣ ማታ አምፖሉ ሲበራ ግን ቅቤ መሰለ። ፈካ ያለውን ቀባነው፣ ሶፋው አሁን ጎልቶ ይታያል።