የአንድ ሌሊት ወለድ በወለልና በጣሪያ መካከል እንዴት ይያዛል?

ታኅሣሥና ጥር ሲመጡ የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ከአውድማ ወደ ገበያ ይወጣል። የደብረ ማርቆስና የቢቸና ነጋዴዎች ለገበሬው በጥሬው ስለሚከፍሉ ከባንክ ብዙ ብር ያወጣሉ። ቅርንጫፎቹ የሚከፍሉትን ብር ባንኩ ከብሔራዊ ባንክ ያስመጣል፤ ያስመጣውን ያህል ደግሞ እዚያ ካለው ሂሳቡ ይቀነሳል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ አመሻሽ ላይ ሂሳቡ ሊጎድል ይችላል። ጉድለቱን እስከ ነገ የሚሞላለት ብድር የአንድ ሌሊት ብድር ይባላል። የዚህ ብድር ወለድ ካልተያዘ በገበያ ሰሞን ሽቅብ ይወጣል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል።

ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ይመራል። ሲጀምር የፖሊሲ ወለዱን፣ ማለትም የገበያው ወለድ እንዲጠጋው የሚፈልገውን መጠን፣ 15 በመቶ አደረገ። ከዚያ 3 መቶኛ ነጥብ ወደ ታች፣ 3 ወደ ላይ ሄዶ ሁለት መስኮቶች ከፈተ። ትርፍ ብር ያለው ባንክ በአንዱ መስኮት አስቀምጦ 12 በመቶ ያገኛል። የጎደለው በሌላው ተበድሮ 18 በመቶ ይከፍላል። ሁለቱም የአንድ ሌሊት ናቸው።

አሠራሩን በቁጥር እንየው። የጎጃሙ ባንክ 100 ሚሊዮን ብር ጎደለው እንበል። ሌላ ባንክ ደግሞ ያንኑ ያህል ተርፎታል።

መጀመሪያ የተበዳሪውን እናስላ። 100 ሚሊዮን በ18 በመቶ ለ365 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሌሊት 49,315 ብር ገደማ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በዚህ ዋጋ እያበደረው ለሌላ ባንክ ከዚያ በላይ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ጣሪያው ይህ ነው።

ቀጥሎ የአበዳሪው። ብሩን ብሔራዊ ባንክ ቢያስቀምጥ በ12 በመቶ 32,877 ብር ያገኛል። ከዚያ ባነሰ ለማንም አያበድርም። ወለሉ ይህ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው 16,438 ብር የድርድሩ ሜዳ ነው። በ15 በመቶ ቢስማሙ ወለዱ 41,096 ብር ይሆናል፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ከመሄድ ይልቅ በየፊናቸው 8,219 ብር ይጠቀማሉ። ልብ በሉ፣ ማንም በዚህ ዋጋ ተበደሩ ብሎ አላዘዘም። እያንዳንዱ ባንክ የመስኮቱን ዋጋ እያየ ነው የሚደራደረው።

ግን መስኮቶቹ ዳርና ዳሩን እንጂ መሐሉን አይጠብቁም። በባንኮች ሁሉ እጅ ያለው ብር ከበዛ ተበዳሪ ይጠፋና ወለዱ ወደ 12 ይወርዳል። ካነሰ ወደ 18 ይጠጋል። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ በየሁለት ሳምንቱ ጨረታ ያወጣል፤ ብር ሲበዛ ይሰበስባል፣ ሲያንስ ያስገባል። መሐሉ ላይ የሚያቆየው ይህ ጨረታ ነው። በሁለት ጨረታዎች መካከል ድንገት የሚመጣውን፣ ለምሳሌ የጤፍ ገበያ የሚያስወጣውን ብር፣ መስኮቶቹ ይችሉታል።

የት ይበላሻል? አንደኛ፣ የብድር መስኮቱ ያለ መያዣ አይሰጥም። መያዣው እንደ ግምጃ ቤት ሰነድ ያለ የመንግሥት ዕዳ ሰነድ ነው። ሰነዱ ያለቀበት ባንክ ለእሱ ጣሪያ የለውም፤ ጨንቆት 20 በመቶም ሊከፍል ይችላል። ከ18 በላይ የተፈጸመ ብድር ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መያዣ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ባንኮች እርስ በርስ ካልተማመኑ፣ ብር የተረፈው ላላመነው ባንክ በ15 ከማበደር በ12 ማስቀመጥን ይመርጣል። የጎደለውም ወደ 18ቱ መስኮት ይሄዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር 2008 መኸር ላይ፣ የአሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከከሰረ በኋላ፣ የአውሮፓ ባንኮች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ገንዘባቸውን የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዘንድ አከማቹ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሁለቱም መስኮቶች በርካታ ብር ያስተናግዳሉ። በደህናው ጊዜ ብር ሲበዛ የተቀማጩ፣ ሲያንስ የብድሩ መስኮት ብቻ ነው ሥራ የሚበዛበት።

ታዲያ ወለዱ ከ15 እንዳይርቅ መስኮቶቹን ለምን 14.5 እና 15.5 ላይ አያቀራርቧቸውም? ያኔ በምሳሌያችን የሚያደራድረው 16,438 ብር ወደ 2,740 ይወርዳል። ለዚያ ብሎ ሌላ ባንክ ጋ የሚደውልና አደጋውን የሚመዝን ጥቂት ነው፤ ሁሉም በቀጥታ ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። ባንኮች እርስ በርስ መበዳደርን ገና እየለመዱ ባሉበት አገር በወለሉና በጣሪያው መካከል ያለው ኮሪደር ሰፊ ቢሆን የተሻለ ይመስለኛል።