ኩቡ ሲወድቅ የወደቀው ኮንክሪቱ ነው ወይስ ሥራችን? በስላምፕና በኩብ ናሙና የሚሠሩ ስህተቶች

ከላቦራቶሪ የሚመጣ ዝቅተኛ ውጤት በሥራ ቦታ ላይ ጠብ ይቀሰቅሳል። ተቋራጩ አቅራቢውን ይከስሳል፣ አቅራቢው ደግሞ ናሙናውን የወሰደውን ሰው። የኮንክሪቱን ጥንካሬ በመስበር ለመለካት በሻጋታ የሚሠሩ ብዙ ኩቦችን ሞልቻለሁ፣ ብዙዎቹም ሲሰበሩ ቆሜ አይቻለሁ። ከነዚህ ክርክሮች መካከል በርከት ባሉት ኮንክሪቱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ናሙናው በተወሰደበትና በሚሰበርበት ቀን መካከል የተሠራ ነበር። የዚያኑ ያህል ደግሞ ኩቦቹ አምረው አልፈው ኮንክሪቱ ደካማ የሆነበት አጋጣሚ አለ። ይኼኛው የባሰ ነው፤ ማንም አይከራከርበትምና።

ናሙና ከተወሰደ በኋላ ውሃ መጨመር

የምጀምረው ከዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሌላውን ምርመራ ሁሉ ዋጋ ያሳጣል። ኮንክሪት የጫነው መኪና ይደርሳል፣ ስላምፑ፣ ማለትም ኮኑ ሲነሳ ኮንክሪቱ ዝቅ የሚልበት መጠን፣ ይለካል፣ 80 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ ኩቦቹ ይሞላሉ። ከዚያ የአፍሳሾቹ አለቃ «ደረቅ ነው፣ አይፈስልኝም» ይላል፤ ሾፌሩም ቱቦውን ይከፍታል። በመዝገቡ ላይ ያለው ኮንክሪትና በሶሌታው ውስጥ የፈሰሰው ኮንክሪት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በቁጥር እንየው። በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶና 175 ሊትር ውሃ ያለው ኮንክሪት የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔው 0.50 ነው። 6 ሜትር ኩብ በጫነ መኪና ላይ 120 ሊትር ቢጨመር ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 20 ሊትር ይደርሰዋል፤ ምጣኔው ወደ 0.56 ገደማ ይወጣል። ኮንክሪቱ እንደ ልብ ይፈስሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ጥንካሬው ግን በግልጽ ይቀንሳል። ኩቦቹ ይህን አያውቁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃ መጨመር የሚፈቀደው ኃላፊነት ባለው ሰው ፈቃድና በድብልቁ ዲዛይን ወሰን ውስጥ ብቻ ነው፤ ከተጨመረ መጠኑ ይመዘገባል፣ በርሜሉ በደንብ ይሽከረከራል፣ ስላምፑም ኩቡም እንደገና ይወሰዳል። የፊተኛው ናሙና ያንን ጭነት አይወክልም።

ናሙናው ከየትኛው የጭነቱ ክፍል እንደተወሰደም መጠየቅ ይገባል። ከበርሜሉ መጀመሪያ የሚወጣውና መጨረሻ ላይ የሚቀረው ኮንክሪት የጠጠሩና የስሚንቶ ውሃው መጠን የተዛባ ሊሆን ይችላል። ከመካከል፣ በተለያየ ጊዜ ተወስዶ በአካፋ አንድ ላይ ይደባለቅ።

ስላምፑን ቁጥር ብቻ አድርጎ ማየት

የስላምፕ ኮኑ ቁመቱ 300 ሚሊ ሜትር፣ የታች ስፋቱ 200፣ የላይ ስፋቱ 100 ነው። በሦስት ንብርብር ይሞላል፣ እያንዳንዱም 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው ኮኑ የቆመበት ነው፦ በአፈር ላይ ወይም በሚነቃነቅ ሳንቃ ላይ የተለካ ስላምፕ መለኪያ አይደለም። ጠንካራ፣ ለጥ ያለ፣ ውሃ የማይመጥጥ ሳህን ያስፈልጋል፤ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አያቁር። ኮኑ ሲነሳም ሳይጠመዘዝና ወደ ጎን ሳይገፋ፣ በ5 ሰከንድ ገደማ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል።

ከቁጥሩ በፊት ቅርጹን ተመልከቱ። ክምሩ ዙሪያውን እኩል ዝቅ ካለ ውጤቱ ይመዘገባል። ግማሹ ተሸርቶ ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ ግን ያ ቁጥር አይጻፍም፤ ከዚያው ናሙና በሌላ ክፍል ይደገማል። ዳግመኛም ከተሸረተ ኮንክሪቱ እርስ በርስ መያያዝ አንሶታል ማለት ነው፣ ይህም ራሱ ውጤት ነውና ይመዝገብ።

ኩቡን ለወጉ ያህል መጠቅጠቅ

በአንድ ሥራ ላይ በ28 ቀን 25 ሜጋፓስካል ከሚጠበቅ ኮንክሪት፣ ከአንድ ናሙና የተሞሉ ሦስት ኩቦች ተሰበሩ። ውጤታቸው 25.9፣ 20.4 እና 26.3 ሆነ። አማካዩ 24.2 ነውና «ወደቀ» ተባለ፤ አቅራቢውም ተጠራ።

ሦስቱም ኩቦች የአንድ ናሙና ልጆች ናቸው። ኮንክሪቱ ደካማ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ይደክሙ ነበር። አንዱ ብቻ እንዲህ ሲለይ መጠርጠር ያለበት አሞላሉ ወይም አሰባበሩ ነው። ደግነቱ ላቦራቶሪው ከመስበሩ በፊት መዝኗቸው ነበር፦ 8.15፣ 7.70 እና 8.12 ኪሎ። 150 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው ኩብ ከመደበኛ ጠጠር ሲሠራ 8.1 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። መካከለኛው ከ5 በመቶ በላይ ቀልሏል፤ ያ ቦታ አየር ነው። እያንዳንዱ 1 በመቶ ያልወጣ አየር ከጥንካሬው 5 በመቶ ያህል ይበላል ይባላል፤ 5 በመቶ ደግሞ ሩብ ያህሉን። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የጎደለውም 22 በመቶ ነበር። የኩቡ ጎኖች ሲታዩ ታችኛው ማዕዘን በጉድጓድ የተሞላ ነው። ሞይው ሦስተኛው ንብርብር ላይ ሲደርስ ቸኩሏል ብዬ አስቤ ነበር፤ የቸኮለው ግን መጀመሪያው ላይ ነበር።

ኩቡም በሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ይሞላል። የምቱ ብዛት ውሉ በጠቀሰው መለኪያ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን ቁጥሩን ጨርሶ ማቆም አይበቃም። ትላልቅ አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ይጠቅጠቅ፣ ሻጋታውም በጎን ቀስ ብሎ ይመታ። አጥብቄ የምመክረው ደግሞ ሚዛን ነው፦ ከውሃ ሲወጣ ላዩ ተጠርጎ የሚወሰድ ክብደት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ክርክር ግን ይፈታል። ሦስቱም በክብደት ተቀራርበው በውጤት ሁሉም ዝቅ ካሉ፣ ያን ጊዜ ወደ ድብልቁ፣ ወደ ውሃው ወይም ወደ ሚቀጥለው ነጥብ እንሄዳለን።

የመጀመሪያው ሌሊት

የተሞሉ ኩቦች በፀሐይ ተጥለው፣ ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ በእጅ ጋሪ እየተንገጫገጩ ሲጓዙ አይቻለሁ። ገና ያልጠነከረ ኩብ ሲነቀነቅ በውስጡ የሚሰነጠቀው ዓይን አያየውም። በተሞላበት ቦታ፣ በጥላ፣ በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ተሸፍኖ ለአንድ ቀን ይቆይ፤ ከዚያ ወጥቶ ምልክት ተጽፎበት ወደ ውሃ ገንዳ ይግባ። ሙቀት ኩቡን መጀመሪያ ያጣድፈዋል፣ የ7 ቀኑ ውጤት ያኮራል፣ የ28 ቀኑ ግን ያሳፍራል።

በሥራው ቦታ፣ ከሶሌታው አጠገብ የሚቀመጡ ኩቦችም አሉ። እነሱ ድጋፉ መቼ ይነሳ የሚለውን ለመወሰን ይጠቅማሉ እንጂ አቅራቢውን ለመዳኘት አይደሉም። ሁለቱን የሚያደባልቅ መዝገብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሲሰበር

የተሞላበት ክፍት ፊት በእጅ የተስተካከለ ስለሆነ ለጥ ያለ አይደለም። ኩቡ በማሽኑ ውስጥ ሲቀመጥ ያ ፊት ወደ ጎን መዞር አለበት፤ ጭነቱ ሻጋታው ባለሰለሳቸው ሁለት ፊቶች ላይ ይረፍ። በደንብ የተሰበረ ኩብ አራቱም ጎኖቹ እኩል ተልጠው፣ አናት ለአናት የተገናኙ ሁለት ፒራሚዶች ይመስላል። አንድ ጎኑ ብቻ ከረገፈ ጭነቱ ያዘመመ ነበር፣ ውጤቱም በጥርጣሬ ይታይ። ስለዚህ ስብርባሪው ከመጣሉ በፊት ፎቶ እንዲነሳ ጠይቁ።