ከሰርጅን ዲክቴሽን ኦፕሬሽን ኖት ስታዘጋጁ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሰርጅን ትዝ እንዳለው ነው የሚያወራው፣ ያለውን በሰማችሁት ቅደም ተከተል ከጻፋችሁት ኖቱ ይዘበራረቃል። አንድ የአፔንዲክስ ኦፕሬሽን ይዘን እንየው፣ ዲክቴሽኑ እንዲህ ነው እንበል፦ «የተበሳ አፔንዲክስ ነው፣ በቀኝ በታች በኩል ከፍተን ገባን፣ መግል ነበረ መጠጥነው፣ አፔንዲክሱ ጫፉ ላይ ተበስቷል ሥሩ ደህና ነው፣ አስረን ቆረጥነው፣ ፋሽያውን ዘጋን ቆዳውን ክፍት ተውነው፣ እ... ድሬን ፔልቪስ ውስጥ ትተናል፣ አንቲባዮቲኩ ይቀጥል፣ የቆዳው ስፌት በ7ኛው ቀን ይውጣ።»

ችግር፦ ኢንዲኬሽኑ ላይ «የተበሳ አፔንዲክስ» ተብሎ ተጽፏል።
ምክንያቱ፦ ሰርጅኑ የሚያወራው ሁሉንም አይቶ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ ውጤቱን ነው የሚያስቀድመው።
መፍትሄ፦ ኢንዲኬሽን ውስጥ የሚገባው ሆዱ ከመከፈቱ በፊት የታወቀው ብቻ ነው፣ ህመሙ፣ ምርመራው፣ የተጠረጠረው በሽታ። መበሳቱ በአልትራሳውንድ ቀድሞ ታይቶ ከነበረ ይቆያል፣ ካልሆነ ወደ ፋይንዲንግ ውሰዱት። እዚህ ዲክቴሽን ላይ ደግሞ ኢንዲኬሽን የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ ስለዚ ቦታውን ክፍት ትታችሁ ሰርጅኑን ጠይቁት።

ችግር፦ የተሰራውና የታየው አንድ ላይ ተደባልቋል።
ምክንያቱ፦ «መግል ነበረ መጠጥነው» አንድ ትንፋሽ ነው ግን ሁለት ነገር ይዟል።
መፍትሄ፦ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ቦታ ቁረጡት። ዓይን ያየው (መግሉ፣ የጫፉ መበሳት፣ የሥሩ ደህና መሆን) ፋይንዲንግ ነው፣ እጅ የሰራው (መጠጡ፣ ማሰሩ፣ መቁረጡ) የኦፕሬሽኑ ሂደት ነው። የሥሩን ነገር እንዳትዘሉት፣ እዛ ጋ ማሰር ይቻል እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው። የመግሉ መጠን ካልተነገረ ደግሞ «ብዙ» ወይ «ትንሽ» ብላችሁ ከራሳችሁ አትጨምሩ።

ችግር፦ ድሬኑ ከክሎዠር በኋላ የገባ ይመስላል።
ምክንያቱ፦ ሰርጅኑ ረስቶት መጨረሻ ላይ ነው ያነሳው።
መፍትሄ፦ ከፋሽያው መዘጋት በፊት ሂደቱ ውስጥ አስገቡት። ፖስት ኦፕ ኦርደር ላይም ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም የሚወጣው ፈሳሽ ይለካል፣ መቼ እንደሚነቀልም ትእዛዝ ያስፈልገዋል፣ ያልተነገረ ትእዛዝ ከሆነ ግን እሱም ጥያቄ ነው።

ችግር፦ ክሎዠሩና ኦርደሩ ይጋጫሉ።
ክፍት ከተተወ ቆዳ ላይ የሚወጣ ስፌት የለም። ከለመደው ኦርደር ላይ አፉ አምልጦት ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ቆዳው በኋላ ተሰፍቶ ይሆናል፣ የቱ እንደሆነ እናንተ አትወስኑም። ሁለቱንም እንዳለ ጻፉና ጎኑ ላይ «ቆዳው ክፍት ነው ተብሏል፣ ስፌት ይውጣ ደግሞ ተብሏል፣ የቱ ነው?» በሉ። «አንቲባዮቲኩ ይቀጥል» ለሚለውም እንደዛው፣ የመድሃኒቱ ስም፣ ዶዙ፣ በስንት ሰዓቱና ለስንት ቀን የሚለው ከሰርጅኑ ይምጣ እንጂ ከባለፈው በሽተኛ ኖት ኮፒ አይደረግም። ቴምፕሌታችሁ ላይ «የጋውዝና የመሳሪያ ቆጠራ ትክክል ነው» የሚል የተዘጋጀ መስመር ካለ፣ ሰርጅኑ ስላላነሳው አጥፉትና እሱንም ከጥያቄዎቹ ጋር አብራችሁ ላኩለት።