ድንጋይ ሲመታው የሚተነፍስ ጎማ፦ በባለ ራጂ ቸርኬና በአሎይ ቸርኬ ላይ መንስኤውን መለየትና መጠገን

በመጥፎ መንገድ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ቸርኬ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይጠነክራል?» ብሎ ነው። ባለ ራጂውም አሎዩም ድንጋይ ይመታሉ፣ ሁለቱም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ እኔ «ከተመታ በኋላ ምን ይሆናል? በያዝኩት ዕቃስ መንገድ ዳር ላስተካክለው እችላለሁ?» የሚለውን አስቀድማለሁ። የሁለቱ ልዩነት የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

በቅድሚያ የእርስዎ ሞተር የቱን ዓይነት እንደያዘ ይወቁ። ራጂ የምንላቸው ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ያሉት ቸርኬ በአብዛኛው ካላማዳሪ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ራጂ ቸርኬውን በስቶ ስለሚታሰር አየሩ በእነዚያ ቀዳዳዎች ያመልጣልና። ራጂዎቹ ከቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚታሰሩባቸውና ያለ ካላማዳሪ የሚሠሩ ውድ ቸርኬዎች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። አሎይ ቸርኬ አንድ ወጥ ስለሆነ ቱብለስ ጎማ ያለ ካላማዳሪ ይይዛል። ጎማው ጎን ላይ «ቱብለስ» የሚል ጽሑፍ ስላዩ ብቻ ውስጡ ካላማዳሪ የለም አይበሉ፤ ቱብለስ ጎማ በባለ ራጂ ቸርኬ ላይ ካላማዳሪ ተደርጎበት ሊገጠም ይችላል። ያንን ካላማዳሪ አውጥቶ እንዲሁ መንዳት ግን አይቻልም።

ምልክት፦ ባለ ራጂው ጎማ ድንጋይ ከመታ በኋላ ወዲያው ተነፈሰ

አንድ ጊዜ ከኋላዬ ሰው ጭኜ ስሄድ አንድ ሹል ድንጋይ መታሁ። ብዙም ሳልርቅ የሞተሩ ኋላ ወዲያና ወዲህ መዋለል ጀመረ። ጎማውን ፈትቼ ካላማዳሪውን አወጣሁና ነፋስ ሞላሁበት፤ ቀዳዳውን አገኘሁ፣ ለጠፍኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ተነፈሰ። ለካ ከለጠፍኩት ቀዳዳ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ስንጥቅ ነበር። ጎማው ድንጋዩና ቸርኬው መሃል ሲጨፈለቅ የቸርኬው ሁለት ጠርዞች ካላማዳሪውን በሁለት ቦታ ነክሰውት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመለጠፌ በፊት ቀዳዳውን አነባለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ መንስኤውን የሚነግርዎ ቀዳዳው ራሱ ነው።

ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስንጥቆች ካዩ ጥፋቱ የነፋስ ማነስ ነው። የውጭ ጎማውን ቢዳብሱት ምንም አያገኙበትም። ሁለቱንም ይለጥፉ፣ ከዚያ ነፋሱን በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወይም በመመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ ይሙሉ፤ የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሰው ሲጭኑ ደግሞ ለጭነት የተሰጠውን ከፍ ያለ ቁጥር ይጠቀሙ። መንገዱ ሻካራ ነው ብሎ ነፋስ ማጉደል ለእጅና ለወገብ ይመቻል፣ አሸዋ ላይም ይረዳል፤ በድንጋያማ መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያስነክሳል።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ወደ መንገዱ በሚዞረው የካላማዳሪው ጀርባ ላይ ከሆነ ሚስማር ወይም እሾህ ነው። ካላማዳሪውን ከማውጣትዎ በፊት ቫልቩ የነበረበትን ቦታ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ካደረጉ፣ ቀዳዳውን ከጎማው ጋር አስተያይተው ሚስማሩ የት እንደተቀበረ ያገኙታል። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ይዳብሱ፣ በባዶ ጣት አይደለም። ሚስማሩን ሳያወጡ አዲስ ካላማዳሪ ማስገባት አዲሱን ማስበሳት ነው።

ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በሚዞረው በኩል ከሆነ ችግሩ ከመንገዱ አልመጣም። በራጂዎቹ ጫፍና በካላማዳሪው መካከል የሚጠመጠም የጎማ ቀበቶ አለ፤ እሱ አርጅቶ ተቀዷል ወይም ከቦታው ሸሽቷል፣ አለዚያም አንድ ራጂ ከልክ በላይ ተጠብቆ ጫፉ ብቅ ብሏል። ብቅ ያለውን ጫፍ በሞረድ ያስተካክሉ፣ ቀበቶውንም ይቀይሩ። መንገድ ዳር ከሆኑ ጠንካራ ፕላስተር ሁለት ዙር መጠምጠም እስከ ቤት ያደርስዎታል።

ካላማዳሪው ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ግን አይለጠፍም፣ ይቀየራል። ይህ የሚሆነው ነፋስ ያነሰው ጎማ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ካላማዳሪውን አብሮ ሲጎትት ነው። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፦ ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ያዘነብላል። ለዚህ ስል የቫልቩን ዳዶ ከቸርኬው ጋር አላጠብቅም፤ ወደ ላይ አውጥቼ ከክዳኑ ጋር አስረዋለሁ። ልቅ ሲሆን ቫልቩ ማዘንበሉ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎም አይቀደድም።

ሲለጥፉ አይቸኩሉ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው ያጽዱ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀብተው እርጥበቱ እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ልጥፉን አስቀምጠው በደንብ ይጫኑት። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተቀመጠ ልጥፍ ሲሞቅ ይላቀቃል። ካላማዳሪውን ከመመለስዎ በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ነፋስ ይስጡት፤ ሙሉ በሙሉ የተልፈሰፈሰ ካላማዳሪ በመፍቻው ብረት ስር ገብቶ ይነከሳል። የጎማው የመጨረሻ ጠርዝ አልገባ ካለ ጉልበት አይጨምሩ። ተቃራኒውን ወገን ተንበርክከውበት ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ያስገቡት፣ ያኔ ይህኛው ጠርዝ ላላ ብሎ ይገባል።

ምልክት፦ ባለ ራጂው ጎማ አልተነፈሰም፣ ግን ይወላገዳል

መጀመሪያ ጥፋቱ የቸርኬው ኩሽኔታ አለመሆኑን ያረጋግጡ፦ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙት፤ ቋ ቋ ካለ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው። ካላለ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በትንሽ ቁልፍ ይምቷቸው። የተወጠረው እንደ ክራር ክር ይጮኻል፣ የላላው ደብ ይላል። የላላውን ሩብ ዙር ብቻ እያጠበቁ ጎማውን ያሽከርክሩ። እስክሪብቶ ከሞተሩ አካል ላይ አስረው ጫፉን ወደ ቸርኬው ካስጠጉ መወላገዱን በዓይን ያዩታል፤ ብዙዎቹ የጥገና መመሪያዎች ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይ እስከ 2 ሚሊሜትር ይፈቅዳሉ። ከዚያ ካለፈ ባለሙያ ያቃናዋል። የተሰበረ ራጂ ካለ ከጎረቤቱ ጋር አስረው ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ቀሪዎቹ የሱን ሸክም ስለተሸከሙ በዚያው ብዙ ከቆየ ይከተሉታል።

ባለ ራጂን የምወደው ለዚህ ነው። ሲመታ ይታጠፋል፣ ይላላል፣ ይጮኻል፤ ግን በክፍል በክፍሉ ስለሚጠገን አንድ ራጂ ሲሰበር ሙሉ ቸርኬ አልቀይርም።

ምልክት፦ የአሎይ ቸርኬ ጎማ በየጠዋቱ ለስልሶ ይገኛል

ቱብለስ ጎማ ትልቁ ጥቅሙ ሚስማር ሲወጋው ሚስማሩ ራሱ ቀዳዳውን ይዞ አየሩን ቀስ ብሎ ብቻ ማስወጣቱ ነው። ስለዚህ መሰኪያውን ሳያዘጋጁ ሚስማሩን አይንቀሉ። የሳሙና ውሃ ጎማው ላይ ይረጩ፣ አረፋው የሚነሳበትን ይፈልጉ።

አረፋው መሬት በሚነካው ክፍል ላይ ከሆነ ቀላል ነው። ሚስማሩን ይንቀሉ፣ ቀዳዳውን በሞረዱ መርፌ ያሻክሩ፣ ማስቲሽ የተቀባውን የጎማ ገመድ ይሰኩ፣ ትርፉን ይቁረጡ፣ ነፋስ ይሙሉ። ጎማው ሳይፈታ በ10 ደቂቃ ያልቃል። ጎኑ ላይ ያለ ቀዳዳ ግን አይሰካም፤ እዚያ ጎማው በየዙሩ ስለሚታጠፍ መሰኪያው ይወጣል።

አረፋው ጎማውና ቸርኬው በሚገናኙበት መስመር ላይ ከሆነ ድንጋይ የመታው ቸርኬ ነው። አንድ ጊዜ ያየሁት አራት ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው የጥቃቅን አረፋ መስመር ነበር፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ያለው ጎንበስ ብዬ በጥንቃቄ ካላየሁት የማይታይ ያህል ነበር። እንዲህ ያለው ነፋስ እየጨመሩ ቀስ ብሎ ለመሄድ አያግድም። ሁለት ነገር ግን አያድርጉ፦ ቀዝቃዛውን ቸርኬ በመዶሻ አይምቱ፣ ስንጥቅ ያለበትንም አበይደው አይንዱ። በቅርጽ የተቀዳ አልሙኒየም እንደ ብረት አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። የተመታውን ቦታ በጨርቅ አጽድተው ከውስጥም ከውጭም ይዩት፤ ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ቸርኬው ይቀየራል።

ምልክት፦ የተጣመመው አሎይ ቸርኬ ጨርሶ ነፋስ አይይዝም

እዚህ ላይ ካላማዳሪ ያድናል፤ ስንጥቅ እስከሌለ ድረስ በአሎይ ቸርኬ ውስጥም ይገባል። አስቸጋሪው የመጀመሪያው ሥራ ነው፦ የቱብለስ ጎማ ጠርዝ ከቸርኬው ጉብታ ጀርባ ተቀርቅሮ ስለሚቀመጥ በእጅ አይላቀቅም። ጎማውን መሬት ላይ አጋድመው የሌላ ሞተር የጎን ማቆሚያ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ጎማው ላይ ያሳርፉና ሞተሩን ወደዚያ ያዘንብሉት፤ ክብደቱ ያላቅቀዋል። ማቆሚያው ቸርኬውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። የቱብለሱን ቫልቭ ያውጡ። ከዚህ በፊት የተሰካ ገመድ ካለ ወደ ውስጥ የወጣውን ጭራ ከሥሩ ይቁረጡት፣ አለዚያ ካላማዳሪውን ይፍቀዋል። የቸርኬው የቫልቭ ቀዳዳ ለካላማዳሪው ቫልቭ ከሰፋ ማጥበቢያ ቀለበት ያስገቡ። ከዚያ በኋላ በዝግታ ይንዱ፤ በቱብለስ ጎማ ውስጥ ያለ ካላማዳሪ ከተለመደው ይልቅ ይሞቃል።

ለመያዝ ቦታ የሚበቃው ለአንድ ካላማዳሪ ብቻ ከሆነ የፊቱን ይያዙ። የፊት ጎማው ከኋላው ቀጠን ብሎ በዙሪያው ሰፋ ያለ ስለሆነ ካላማዳሪው ለጊዜው በኋላው ውስጥ ተጠቅልሎ እስከ ጥገና ቤት ያደርሳል፤ የኋላው ወፍራም ካላማዳሪ ግን በፊቱ ጎማ ውስጥ ተጨማዶ በመታጠፊያው ላይ ይቀደዳል።