ገመድ አልባ ማውስ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር

ባትሪው አዲስ ነው፤ ማውሱም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን ይሠራል። ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ጠቋሚው ይቆምና ዘልሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። የሚቆራረጠው መስታወት ወይም የሚያንጸባርቅ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የሬዲዮ ሳይሆን የማውሱ ዓይን ነው፤ ከሥሩ ወረቀት አንጥፉ። ከእረፍት በኋላ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ማውሱ ኃይል ለመቆጠብ አንቀላፍቶ ነበር።

ደጋግሜ የማገኘው ግን ሌላ ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ማውሴ ከሰዓት በኋላ ይታመማል» ብላ ጠራችኝ። ሁለት ማውስ ገዝታ ጥላለች፤ ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያም «ቫይረስ ነው» ብሎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖላታል። እንዲህ ያለ ግምት ያናድደኛል፤ የሰው ገንዘብና ቀን ያባክናል። ጠዋት ብሄድ ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ሰነዶቿን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ትገለብጣለች፤ የዲስኩ ገመድ የተሰካውም የማውሱን ምልክት ከሚቀበለው ትንሽ መሰኪያ፣ ከሪሲቨሩ፣ አጠገብ ነው። ግልበጣውን ስናቆም ጠቋሚው ተስተካከለ፤ ስንቀጥል ተመልሶ ተቆራረጠ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሪሲቨሩ የማውሱን ደካማ ምልክት የሚያዳምጠው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ዲስኩ የሚጠቀምበት ፈጣኑ ዩኤስቢ 3.0 መረጃ ሲያስተላልፍ ከሶኬቱና ከገመዱ የሚያፈተልከው የሬዲዮ ጫጫታ ይህንኑ ክልል ይሸፍናል፤ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ሰነድ አሳይቶታል። ጫጫታው ከሪሲቨሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲነሣ የማውሱ መልእክት ይሰጥማል። ሽፋኑ የሳሳ ርካሽ የዲስክ ገመድ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ገመድ አልምረውም።

ብዙዎች ሪሲቨሩን ከሰማያዊው የዩኤስቢ 3.0 ሶኬት ነቅለው አጠገቡ ወዳለው ጥቁር ሶኬት ያዛውሩና ለውጥ ሲያጡ ተስፋ ይቆርጣሉ። ጫጫታው የሚመጣው በአየር ነው፤ ስለዚህ የሚያድነው የሶኬቱ ቀለም ሳይሆን ርቀት ነው። ለሴትየዋ አንድ ሜትር ተራ የዩኤስቢ 2.0 ማራዘሚያ ገመድ ሰክቼ ሪሲቨሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከማውሱ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ከዲስኩም በተቃራኒ በኩል አስቀመጥኩት። ዲስኩ እየገለበጠ ማውሱ ያለ እንከን ሠራ።

ስትሞክሩ ግን ተጠንቀቁ፦ ግልበጣ ላይ ያለ ዲስክ በፍጹም አትንቀሉ። መጀመሪያ ግልበጣውን አቁሙ፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ በሥርዓት አሰናብቱ፣ ከዚያ ንቀሉ። ማውስ ለማከም ተብሎ የጠፋ ሰነድ አይቻለሁ።

ሪሲቨሩ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ኮምፒውተር ጀርባ ከተሰካም ብረቱ ምልክቱን ይጋርዳል፤ መፍትሔው ያው ማራዘሚያ ነው። ችግሩ በዋይፋይ ትልቅ ፋይል ሲወርድ የሚብስ ከሆነ ኮምፒውተሩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛውሩት። ብሉቱዝ ማውስ መግዛት ግን ማምለጫ አይሆንም፤ እሱም የሚሠራው በዚያው 2.4 ላይ ነው።