ጠዋት የነበረ ድምፅ ከሰዓት የት ይሄዳል?

ደሴ ነው የማስተምረው። ክፍሉ 68 ተማሪ ይዟል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ አለኝ። አምና በበልግ ሰኞ ጠዋት ደህና የነበረ ድምፄ ረቡዕ ከሰዓት ይጎረንን ጀመር፣ ዓርብ ላይ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት እንኳ ያቅተኛል። ቅዳሜና እሁድ ይመለሳል። ሰኞ እንደገና ያው ነው። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፣ የሜንታ ከረሜላ መጠጥኩ፣ ነጭ ሽንኩርት አኘክሁ። "አብሽር፣ ጉንፋን ነው ያልፋል" ይሉኛል ስታፍ ውስጥ። ጉንፋን ግን ዓርብ ዓርብ አይመጣም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ስናወራ ጉሮሯችን ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች እየተጋጩ ይርገበገባሉ፣ ወንድ ላይ በሰከንድ 100 ያህል፣ ሴት ላይ 200 ያህል ጊዜ። እንደ ጭብጨባ አስቡት። ቀስ ብላችሁ ብታጨበጭቡ ረጅም ሰዓት ትችላላችሁ፣ በኃይል ካጨበጨባችሁ ግን መዳፋችሁ ይቀላል፣ ያብጣል። ያበጠ አውታር ደግሞ እንደ ልቡ አይርገበገብም፣ ለዚህ ነው ድምፁ የሚሻክረው።

ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት ጎርናና

ምክንያቱ ጩኸት ነው። "እኔ አልጮህም" ትላላችሁ፣ እኔም እል ነበር። ነገሩ ጆሯችን የራሱን ድምፅ በደንብ ካልሰማ አፋችን ሳናዘው ድምፅ ይጨምራል። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ 68 ልጅ ሲያጉረመርም፣ እኔ ሳላውቀው እየጮህኩ ነበር። የሚኒባስ ረዳቱም መናኸሪያው ሲንጫጫ "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!" ሲል ሞተሩንና ጎረቤቱን ለመብለጥ ነው።

አውታሩ ማበጡን በቤት የምታውቁበት መንገድ አለ። ማታ ጸጥ ባለበት ቦታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ በጣም ቀጭንና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ "እሹሩሩ" በሉ። ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ፣ ከተቆራረጠ ወይም አየር ብቻ ከወጣ አውታሩ አብጧል። ጮክ ስትሉ ደህና መስሎ መሰማቱ አያታላችሁ፣ ጉልበት እብጠቱን ይሸፍነዋል። ዛሬ የተቆራረጠው ነገ ጠዋት ካልተስተካከለ የነገውን ሥራ መቀነስ ነው።

መፍትሔው ከዝናቡ ጋር አለመፎካከር ነው። እኔ ዝናብ ሲጀምር ጠመኔ አነሳና ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይሠራሉ፣ እኔ በወንበሮቹ መሃል እዞራለሁ። ክፍል ጸጥ ለማሰኘት "ዝም በሉ!" ማለት ተውኩ፣ ሦስት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ እነሱም በጭብጨባ ይመልሳሉ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ እስኪለምዱት። የኋላ ወንበር ለሚያወራ ልጅ ከሰሌዳው ሥር ሆኖ ከመጮህ ሄዶ አጠገቡ መቆም ይሻላል። ትንሿን ወገብ ላይ የምትታሰር ድምፅ ማጉያ ማግኘት ለሚችል ደግሞ እሰየው። መጀመሪያ ላይ ተማሪ ይስቃል፣ ከዚያ ይረሱታል።

ድርቀትና "እህ፣ እህ"

ይህኛው የውሃ ጉዳይ ነው፣ ግን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይጠጣል። ድምፁ ሲዘጋ ነው አንድ ጠርሙስ የሚገለብጠው። የጠጣነው ውሃ አውታሩን አይነካውም። ቢነካው ኖሮ ትን ይለን ነበር። በሆድ አልፎ፣ በደም ዞሮ ነው የሚያረጥበው፣ ያ ደግሞ ሰዓታት ይወስዳል። ስለዚህ ለሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚሆነው ውሃ ቁርስ ላይ መጠጣት ይጀምራል። ማርና ዝንጅብሉም እንዲሁ ነው፣ ጉሮሮን ያለሰልሳል እንጂ አውታሩ ጋ አይደርስም። እኔ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀኑን ሙሉ ጉንጭ ጉንጭ እያልኩ እጠጣለሁ፣ ሽንቴ ነጣ ካለ በቂ ነው እላለሁ።

አውታሩን በቀጥታ የሚያረጥበው እንፋሎት ነው። ሙቅ ውሃ በሳህን አድርጎ፣ ፎጣ ደርቦ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ መተንፈስ። ቅጠል መጨመር አያስፈልግም፣ ፊታችሁን እንዳያቃጥል ብቻ ራቅ በሉ። የሜንታ ከረሜላ ለጊዜው ያቀዘቅዛል እንጂ አንዳንዱን ያደርቃል፣ ተራ ከረሜላ ይበቃል። ጫት የሚቅሙ ያውቁታል፣ አፍ ያደርቃል፣ በርጫው ላይ ደግሞ ወሬው አያልቅም። ቡናውን ተዉ አልልም፣ ወሎዬ ሆኜ እንዴት ብዬ? አቦል ቶና በረካ በውሃ ምትክ እንዳይሆን ነው እንጂ። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ግን ያበጠ ጉሮሮ አይወድም፣ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ረመዳን ላይ የሚጾሙ ባልደረቦቼ ውሃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ከፋፍለው ይጠጣሉ፣ ከባዱን ማብራሪያ ጠዋት ያደርጉና ከሰዓት የተማሪ ሥራ ይሰጣሉ።

"እህ፣ እህ" ማለት ደግሞ አውታሮቹን እርስ በርስ ማላተም ነው። አክታ ያለ ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚሰማን እብጠቱ ራሱ ነው፣ በጠረግነው ቁጥር ይብሳል። አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ ማድረግ ይተካዋል።

ጠዋት ስትነሱ ጎርናና ሆናችሁ እየቆየ የሚሻላችሁ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእራት ሊሆን ይችላል። የሆድ አሲድ ተኝተን ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ቃር ሳይሰማን እንኳ። እራትና መኝታ መሃል ሦስት ሰዓት አድርጉ፣ የማታውን በርበሬ ቀንሱ።

አርፌያለሁ፣ ግን አልተመለሰም

ዕረፍት ያልነው ዕረፍት ላይሆን ይችላል። እኔ በዕረፍት ሰዓት ስታፍ ውስጥ ኳስ ስከራከር ነበር የማርፈው፣ ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ ላይ ስዘፍን። ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም። ብዙ ሰው ሲያንሾካሽክ ጉሮሮውን ይጨምቃል። ከክፍለ ጊዜ በኋላ አስር ደቂቃ ፈጽሞ ዝም ማለት፣ ማውራት ግድ ከሆነ ዝግ ባለ ተራ ድምፅ ማውራት ነው የሚሻለው።

እኔን በጣም የረዳኝ ስትሮ ነው። የውሃ ጠርሙስ በግማሽ ሞላሁ፣ ስትሮውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አጠለቅሁ፣ ከዚያ በስትሮው ውስጥ "ኡኡኡ" እያልኩ አረፋ አወጣሁ፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ከቀጭን ወደ ወፍራም። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ። ውሃው መልሶ የሚገፋው አየር አውታሮቹ ሳይላተሙ እንዲርገበገቡ ይረዳል። ልጄ "አባዬ ምን ሆኖ ነው?" ብላ እናቷን ጠይቃለች።

በአራተኛው ሳምንት ዓርብ "እሹሩሩ"ዬ ሳይቆራረጥ ወጣ።

በቤት የማይሞከረው ይኼ ነው፦ እየጮሃችሁ ሳለ ድምፃችሁ ድንገት ከጠፋ አውታሩ ላይ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ያኔውኑ ዝም በሉና ወደ ሐኪም ሂዱ። ጎርናናነቱ ሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ከዚያ በፊት ደም ከታየ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ አንገት ላይ እብጠት ከወጣ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት አለበት። የሚያጨስ ሰው ሦስቱን ሳምንትም አይጠብቅ። ሐኪሙ በትንሽ ካሜራ አውታሩን ያያል። ብዙ በማውራት የመጣ ትንሽ ጉጥ ከተገኘም ቶሎ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ ቢላ ሳይሆን የድምፅ ልምምድ ነው። ስትሄዱ በቀን ስንት ሰዓት እንደምታወሩና ድምፁ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፣ እዚያ ስትደርሱ ለማስረዳት ድምፅ ላይኖራችሁ ይችላል።