ሣልስ በንጉሡ ሠ፣ ሳድስ በእሳቱ ሰ፦ ሊወገዱ የሚገቡ የአጻጻፍ ስሕተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ታፔላና የሠርግ ጥሪ ስታነቡ ያው ቃል አንዴ በ«ሠ»፣ አንዴ በ«ሰ» ተጽፎ ታገኛላችሁ። «ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው?» የሚል ብዙ ነው። ለጆሮ ለውጥ የለውም። በጽሑፍ ግን ቃሉ ከዘመዶቹ ይለያል።

የሰባቱን ፊደላት ስም በአንድ «ሰ» መጻፍ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ሦስተኛው በንጉሡ ሠ ነው፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው በእሳቱ ሰ። ምክንያቱ ቁጥሩ ነው። በግዕዝ ሦስት «ሠለስቱ» ነው፤ ሦስት፣ ሠላሳ፣ ሣልስና ሥላሴ ከዚያ ይወለዳሉ። ስድስትና ሰባት ግን በእሳቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ስም ሣህለ ሥላሴ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። «ሳህለ ስላሴ» ሲባል «ሦስት» ከውስጡ ይጠፋል።

ሠ እና ፀ ለጌጥ ማስገባት። «ሠላም»፣ «ፀሎት» የሚሉትን የትም ታያላችሁ። ትክክሉ ሰላም፣ ጸሎት ነው። የፊደሉ መጠሪያ ራሱ መልሱን ይዟል፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ ይባላልና።

አ እና ዐን ማምታታት። ከተማችንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። ስማቸው ሁለቱንም ይዟል። «ዘርአ» በአልፋው አ ነው፣ ከ«ዘርእ»፣ ማለትም ከዘር። «ያዕቆብ» በዐይኑ ዐ ነው። «ዘርዐ ያእቆብ» ብሎ የጻፈ ሁለቱን አቀያየራቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፊደሉ ቤት ይረዳል። የግዕዙ «ዘርአ» በአማርኛ «ዘራ» ሆነ። አ ስትዋጥ ረ ወደ ራብዕ ወጣች። «ጸሐፈ»ም «ጻፈ» ሆነ፣ «ሠዐለ»ም «ሣለ»። የተዋጠችው ፊደል የቷ እንደሆነች ካልታወቃችሁ ዘመዱን ጥሩ። ጻፈ ሲባል መጽሐፍ፣ ሣለ ሲባል ሥዕል። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ስለሆነ እዚህ መሳት ትርጉም ይቀይራል። በዘመድ ያልተፈታውን በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ፈልጉ፤ ግን ተራው አበገደ ስለሆነ በሀለሐመ አትሂዱ።

«ነዉ» ብሎ መጻፍ። ይሄ የስልክ ኪቦርድ ያባባሰው ነው። w ብቻ ሲነካ ው ይመጣል፤ u ሲጨመርበት ዉ ይሆናል። «ነው» በሳድስ ያልቃል። ካዕቡ ዉ የሚመጣው ው ላይ ኡ ሲታከል ነው። «ሰው መጣ» ያለ አንድ ሰው መጣ አለ፤ «ሰዉ መጣ» ያለ ግን የታወቀውን ሰው፣ ወይም ሕዝቡን ማለቱ ነው።

ከግዕዝ ሥር የሌላቸው ንጹሕ የአማርኛ ቃላት ላይ ይህ መንገድ አይሠራም። እነሱን በቀላሉ በእሳቱ ሰ፣ በሃሌታው ሀ፣ በአልፋው አ ጻፉና በዚያው ቀጥሉ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አታድርጓቸው።